በአንድ ቅዳሜ ሁለት የሥልጣን ርክክብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞላሌ ወደምትባል የደጋ ከተማ እየተመላለስኩ ለቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች የንጽጽር ፖለቲካ አስተምር ነበር። የምንማረው በተዋስነው የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪዎቹ ዐሥራ ስምንት ናቸው፤ ሁሉም የመንግሥት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹም በዕድሜ ይበልጡኛል። አንድ የከሰል ማንደጃ አለን። አንደኛው መስኮት መስታወት የለውም፤ ጉሙ በእሱ በኩል ሰተት ብሎ ይገባና ከእኛ ጋር ይማራል።

የክፍሉ ተጠሪ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ጋቢያቸውን ከሱፍ ኮታቸው ላይ ደርበው የሚመጡ ሰው ነበሩ። የክፍሉ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነው። ፎቶ ኮፒ የሚያስነሡትም የሚያድሉትም እሳቸው ናቸው። ከማንደጃው አጠገብ ማን እንደሚቀመጥም እሳቸው ይወስናሉ። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ምርጫ ይደረጋል። ፎቶ ኮፒው ከመታደሉ በፊት እጅ ይወጣል፣ ዐሥራ ስምንቱም እጅ ለእሳቸው ይሆናል፣ ከዚያ ፎቶ ኮፒው ይታደላል።

የዚያን ሰሞን ትምህርት ድቅል ሥርዓትን ከጸና ዴሞክራሲ ስለመለየት ነበር። ምሁራን መንገዱን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ደረጃ ያዩታል ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ መላላት ነው፤ አፋኙ መንግሥት እስረኛ ይፈታል፣ ጋዜጣ ይፈቅዳል። ቀጥሎ ሽግግር፤ አሮጌው ወርዶ በምርጫ የመጣ መንግሥት ይቆማል። መጨረሻው መጽናት ነው፤ ዋና ዋናዎቹ ኃይሎች ሲሸነፉም ከምርጫ ሌላ የሥልጣን መንገድ አይፈልጉም፣ ሕዝቡም እንደዚያው ያምናል፣ ጠብ ሁሉ በሕግ ይፈታል። ድቅል በሚባለው ሥርዓት ግን ምርጫም አለ፣ ተቃዋሚም አለ፣ ሜዳው ነው ያጋደለው። ገዥው የመንግሥትን ንብረት እንደራሱ ይጠቀማል፤ ውጤቱም ድምፅ ሳይሰጥ ይታወቃል።

«እንግዲህ ድቅል ማለት ገና መንገድ ላይ ያለ ነው» አሉ ተጠሪው።

«ላይሆን ይችላል» አልኳቸው። «ብዙዎቹ እዚያው ይኖራሉ። ወደ ኋላ የሚመለሱም አሉ።»

ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው የታሪክ መምህርት «በቅሎ እኮ ገና ያላደገች ፈረስ አይደለችም» አለች። ክፍሉ ሳቀ። ተጠሪው አልሳቁም።

ለመለማመጃ እያንዳንዱ ተማሪ የሚያውቀውን አንድ ማኅበር በእነዚህ መለኪያዎች መዝኖ እንዲያመጣ አዘዝኩ። በሳምንቱ የታሪክ መምህርቷ ተነሥታ ጽሑፏን አነበበች። የመዘነችው የራሳችንን ክፍል ነው። ቁልፉን፣ ፎቶ ኮፒውን፣ ማንደጃውን አንድ በአንድ ጠቀሰችና «ስለዚህ ድቅል ነው» ብላ ተቀመጠች።

ተጠሪው ቀስ ብለው ተነሡ።

«እኔ በሙሉ ድምፅ የተመረጥኩ ሰው ነኝ። አንድ ሰው እንኳ ተቃውሞኝ አያውቅም!»

«እሱን ነው የጻፍኩት፣ ጋሼ» አለች።

ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ለመጽናት ምን ይጎድለናል? ይንገሩኝና ይሟላ።»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። አንዳንድ ምሁራን የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ እንዳለ ነገርኳቸው። ከሽግግሩ በኋላ ሥልጣን የያዘው ወገን በምርጫ ተሸንፎ በሰላም ካስረከበ፣ ያሸነፈውም በተራው ተሸንፎ በሰላም ካስረከበ፣ ያ ዴሞክራሲ ጸንቷል ይላሉ። መለኪያው ብቻውን እንደማይበቃም ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሳቸው ግን መጻፍ ጀምረዋል።

«ሁለት ርክክብ» አሉ። «ለቅዳሜ ይደርሳል።»

ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳው ላይ መርሐ ግብር ተጽፎ ጠበቀኝ። ሦስት ሰዓት፣ የመጀመሪያው ሽንፈት። ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛው ሽንፈት። አራት ሰዓት፣ ጽናት። የሚያሸንፋቸውንም ሰው መርጠዋል፤ አጠገባቸው የሚቀመጠውን ዓይነ አፋር ወጣት የግብርና ባለሙያ።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው ያሸንፍዎ» እያለ ይለምናል ልጁ።

«ታሸንፈኛለህ ብያለሁ!»

እጅ ወጣ። ዐሥራ ስምንቱም ለግብርና ባለሙያው፤ ተጠሪው ራሳቸውም ሁለት እጃቸውን አውጥተው አንዱን እንዲያወርዱ ተነገራቸው። ቁልፉን አስረከቡ፣ አጨበጨብን። አዲሱ ተጠሪ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ጥቂት ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማንደጃውን አነሣና ክፍሉ መካከል አስቀመጠው። ከመስኮቱ በኩል የሚቀመጡት ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ። ወንበር እየተንፏቀቀ ክብ ሠራ። ፎቶ ኮፒውንም ማንንም ሳይጠይቅ ለሁሉም አደለ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። «አሁን ደግሞ እኔ አሸንፋለሁ» አሉ የቀድሞው ተጠሪ።

የታሪክ መምህርቷ ድምፅ በወረቀት ይሰጥ አለች። ሁሉም ወደ እኔ አየ። በምስጢር መሆኑ ደንብ ነው አልኩ፤ ምን ልበል ሌላ? ወረቀቶቹን በባርኔጣ ሰብስበን ቆጠርን። ለግብርና ባለሙያው ዐሥራ አንድ፣ ለቀድሞው ተጠሪ ስድስት፣ አንድ ባዶ ወረቀት።

ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ የለሁበትም፣ ጋሼ! ድምፄን ለእርስዎ ነው የሰጠሁት!»

«ምርጫው ይደገም!» አሉ። «ሁለተኛው ርክክብ አልተፈጸመም። ርክክብ ከሌለ መጽናት የለም፤ መምህር ራሳቸው ናቸው ያሉት።»

ዴሞክራሲ ማለት ደንቡ አስቀድሞ የሚታወቅበት፣ ውጤቱ ግን የማይታወቅበት እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። የመጀመሪያው ርክክብ በትእዛዝ ስለነበር እንደማይቆጠር፣ አሁን የሚቆጠረው እሳቸው የሚያደርጉት እንደሆነም ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ቁልፍ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱና ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። በመስኮቱ አየናቸው፤ ጉሙ ውስጥ ገብተው ጠፉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዐሥራ ሰባቱ ተማሪዎችና እኔ ቁልፉን እየጠበቅን በሩ ላይ ቆመን ተንቀጠቀጥን። በመጨረሻ የቀድሞው ተጠሪ መጡ። ማንንም ሳያዩ ቁልፉን ለልጁ ሰጡት። «ሌላ ቅጂ የለኝም» አሉ። ሁላችንም አመንናቸው፤ የታሪክ መምህርቷ ብቻ የበሩ ጓጉንቸር ይቀየር አለች፤ ተቀየረም።

የሴሚስተሩን ማጠቃለያ ጽሑፍ ሳርም የእሳቸው ላይ ስደርስ ተቀምጬ የነበርኩት ሰውዬ ተነሥቼ ቆምኩ። የመዘኑት ክፍላችንን ነው። ስለ ራሳቸው እንደ ባዕድ ሰው ጽፈዋል። «የቀድሞው ተጠሪ ቁልፉን የመለሰው ሽንፈትን ስለተቀበለ አይደለም፤ ብርዱን ስለፈራ ነው። ስለዚህ በተግባር እንጂ በአመለካከት መጽናት አልታየም» ይላል። ከእሱ በታች ደግሞ ስለ እኔ ነበር። «የመጀመሪያውን ተጠሪ ማን ሾመው?» ብለው ይጠይቃሉ። በመጀመሪያው ቀን በጣቴ ያመለከትኳቸው እኔ ነኝ፤ «ትልቅ ሰው ናቸው» ብዬ። ማንም አልመረጠም። ምርጫው በእጅ ሲደረግ ዝም ብዬ ስመለከት የኖርኩትም እኔው ነኝ። ቀጥለው፣ በማንም ያልተመረጠና ማንም የማያወርደው ኃይል ከተመረጠው በላይ የመጨረሻውን ቃል በያዘበት ቦታ ምርጫው ቢጸዳም ዴሞክራሲው አልጸናም ብለው ደመደሙ። በቅንፍ «ውጤት ሰጪው መምህር» የሚል አክለዋል።

አንድም ስሕተት አጣሁበት። ከክፍሉ ሁሉ የበለጠው ጽሑፍ ነው። ኤ ማይነስ ሰጠኋቸው። ማይነሷ ከየት እንደመጣች ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።

እሳቸው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። በማይነሷ ላይ ሁለት ገጽ አቤቱታ ጽፈው ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስገቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው ማኅተም ተደርጎበት ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለመምህሩ፦ አይተው ይወስኑበት» ይላል።