ወደ ሪፖርት የማይገባ ወሬ

ሶዶ ውስጥ ሳሙናና ዘይት በጅምላ በሚያከፋፍል ድርጅት ዛራ በወረቀት «ጸሐፊ» ናት። ሥራዋ ግን ከዚያ ይሰፋል። ከገሱባ፣ ከቤሌና ከቦዲቲ መጋዘኖች በቴሌግራም የሚመጣውን የድምፅ መልእክት እየሰማች ለቦርዱ የሚሄደውን ሪፖርት ታዘጋጃለች። ሪፖርቱ ላይ የአንድ ሠራተኛ ስም ከተነሳ ቅጂው ከግል ማኅደሩ ጋር ይያያዛል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም።

አሠራሯን ማየት ደስ ይላል! መልእክቱን መጀመሪያ ዝም ብላ እስከ መጨረሻው ትሰማለች፤ ከዚያ እያቆመች ትደግመዋለች። ሰውየው ይህን አይቷል ወይስ ሰምቷል? የሚያወራው ስለ ሥራው ነው ወይስ ስለ ሰው ጠባይ? ያየው የሥራ ነገር መራራም ቢሆን ይገባል። ሌላው ይቀራል።

ሰኞ ዕለት ሾፌሩ ጉልላት ከቦዲቲ እየጮኸ ላከ፦ «መጋዘኑ ዝግ ነው! ጠዋቱን ሙሉ ደጅ ቆሜ ሳሙናው በዝናብ ራሰ። ቦልቴ ሲጠጣ አድሮ ነው አሉ፤ ሚስቱም አባርራዋለች አሉ።»

ቦልቴ የቦዲቲው መጋዘን ኃላፊ ነው። ሥራ አስኪያጁ ኢሊያስ፣ የድርጅቱ ባለቤት ልጅ፣ ሊያሰናብተው ከፈለገ ቆይቷል፤ ያጣው ምክንያት ነበር። የዛራን ረቂቅ ይዞ ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ።

«መጠጡ የት ገባ?»

«‹አሉ› ነው ያለው። ማን አለ?»

«ዳኛ ሆንሽ እንዴ?»

«ጉልላት በዓይኑ ካየ ይጻፍ፣ ይፈርም፣ ለሰው ኃይል ያስገባ። ቦልቴም መልስ ይስጥበት። በእኔ ሪፖርት ተሸፍኖ ግን አይገባም።»

ኢሊያስ እዚያው ደወለ። ጉልላት ደነገጠ፦ «ኧረ ጌታዬ፣ ሻይ ቤት የሰማሁትን ነው እንጂ! ፊርማ ውስጥ አታስገባኝ።»

ኢሊያስ ግን ወደ ኋላ አላለም። የመልእክቱን መጨረሻ ከፍቶ አሰማት፦ «ያቺ ልዕልት ነኝ ባይ ዛራ ደግሞ መኪና እንደሚመጣ ለቦልቴ አልነገረችውም!»

«ለራስሽ ሲሆን መቀስሽ ስለታም ነው» አላት።

«የረቂቁን ሦስተኛ መስመር አንብበው።»

አነበበ፦ «የመኪናውን መምጣት ለመጋዘኑ ማሳወቅ የነበረባት ዛራ ናት፤ አላሳወቀችም።»

መኪና በማይጠበቅበት ጠዋት ቦልቴ መጋዘን እንዲከፍት አይገደድም። ይህ መስመር ካለ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ኢሊያስም ገባው፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይቺን አውጪያት፤ ማስጠንቀቂያ ታሰጥሻለች። በእሷ ፈንታ መጠጡን አስገቢና እንስማማ።»

«ልዕልቷን አውጥቻታለሁ፤ ወሬ ናት። ይቺ ግን የሆነች ነገር ናት።»

«ዛራ!»

«ማስጠንቀቂያውን ስትጽፍ ጥፋቴን ብቻ ጻፍ። ‹ኩራተኛ ናት› ብለህ ብትጨምርበት እሱንም እቆርጠዋለሁ።»

እያያት ሪፖርቱን ለቦርዱ ላከች። ከዚያ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የቤሌውን መልእክት ከፈተች።