ከ«ተጨማሪ አሳይ» ሥር የተቀበረ ቁጥር

እስቲ ይህን ቪዲዮ ተመልከቱ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ የጠፋ ወንድሟን ፎቶ ይዛ «አፋልጉኝ» እያለች ትለምናለች። ወንድሟ መናገር አይችልም፤ ሰው ሲፈልግ በጣቱ ሦስቴ ያንኳኳል።

ከቪዲዮው ሥር ሳይከፈት የሚታየው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ እሱም «ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር አድርጉ» ይላል። ስልክ ቁጥሯ «ተጨማሪ አሳይ» ከሚለው በታች ተቀብሯል። ስለዚህ ሰዉ አይደውልም፤ አስተያየት ይጽፋል፦ «መናኸሪያ ግድግዳ ሥር ቆሞ አየሁት፤ ስጠራው ዝም አለኝ።» በሌላ ቀን ከሌላ ከተማ ሌላ ሰው ይጽፋል፦ ሌላ መናኸሪያ፣ ሌላ ግድግዳ፣ ያው ዝምታ። እሷ ስትደርስ ግድግዳው ብቻ።

ቪዲዮውን የሠራውን ልጅ አፋጠጠችው።

«አንተ፣ የምትፈልገው ወንድሜን ነው ወይስ ተከታይ?»

«እትዬ፣ ሁሉም እኮ እታች ተጽፏል።»

«አንተ ራስህ የሰው ቪዲዮ ስታይ እታች ከፍተህ ታነባለህ?»

ልጁ ስልኩን አወጣ። የላይኞቹን ሁለት መስመሮች ቀየራቸው፦ «መናገር አይችልም፤ ትታችሁት አትሂዱ። እዚያው ሆናችሁ ደውሉ፦» ቁጥሩንም አስከተለ።

በማግስቱ ስልኳ ጠራ። ትንፋሽ እንጂ ድምፅ የለም። ልትዘጋው ስትል፣ ሦስቴ ተንኳኳ።

«ይቅርታ» አለች አንዲት ሴት ቀጥላ፣ «ደውዬ ሳልጨርስ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።»

እባካችሁ፣ የሰው ነፍስ ያለበትን ከላይ ጻፉት። ላይካችሁ እታች ይጠብቅ።