ውሃ የነካቸው አራት ካርዶች

እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው። ልጄ ግሪክ እየተማርኩ ነው ስትለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ አገር ጥላ ልትሄድ ነው የሚል ነበር።

«እማ፣ የጥንቱን እኮ ነው። እንደዚያ አድርጎ የሚያወራ ሰው እንኳን የለም» ብላ ሳቀችብኝ።

መንፈሳዊ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፎችን በተጻፉበት ቋንቋ እንዲያነቡ ይማሩታል። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች። ድጋሚ ፈተናው በቃል ነው፣ በመምህሩ ፊት፤ እሱንም ከወደቀች ትሰናበታለች። ይህን የነገረችኝ ሰኞ ነው፤ ፈተናው ደግሞ የሚቀጥለው ሰኞ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልኝ አለ።

ፍርሃት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። የምንኖረው ከባምቢስ ወረድ ብሎ፣ ቂርቆስ ውስጥ ባለ የቀበሌ ቤት ነው። የማጸዳው ቢሮ ካዛንቺስ ነው፤ እዚያ ዛሬ ያየሁት አጥር ነገ ላይኖር ይችላል። ከሥራ ስመለስ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው በራችን ላይ የሚፈርስ ቤት ምልክት ተቀብቶ እንደሆነ ነው። ጋዝ ዘግቼ ወጥቼ ከመንገድ የምመለስ ሴት ነኝ። ልጄ ግን ከትንሽነቷ ጀምሮ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈተና። ሲደርስባት ታስመልሳለች።

ካርዶቹን የሠራችው ከጫማ ካርቶን ነው። ፊታቸው ላይ የግሪኩን ቃል በጥቁር ማርከር ጻፈች፤ ከሥሩ ለእኔ ብላ አነባበቡን በእኛ ፊደል። ጀርባቸው ላይ ትርጉሙን በሰማያዊ ጄል እስክርቢቶ። ከሥራ ስገባ፣ ወጡ እስኪበስል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን እጠይቃታለሁ። እኔ ቃሉን አነባለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፣ እኔ ገልብጬ አያለሁ። ልክ ከሆነ በግራ፣ ከተሳሳተች በቀኝ አስቀምጣለሁ።

«ዲዮኮ» እላለሁ።

«አሳድዳለሁ።»

«ዲዮኮማይ።»

«እሳደዳለሁ። አየሽ እማ፣ መጨረሻው ላይ ‹ማይ› ሲመጣ ነገሩ በእኔ ላይ ይደርሳል። የሚያሳድደኝ ሌላ ሰው ነው።»

ይህን ሕግ ወደድኩት። አንድ ነገር ገባኝ ማለት ነው። በማግስቱ የቢሮውን ደረጃ ስወለውል በልቤ «ማይ ካለ፣ የሚያደርገው ሌላ ነው» እያልኩ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ከልጄ ጋር አብሬ የተማርኩ መሰለኝ።

ማክሰኞ ካርዶቹ እንዳይቆሽሹብኝ ብዬ ከጠረጴዛው አንሥቼ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። መጠንቀቄ ነበር። ከሥራ ስመለስ ዝናብ ገብቶባቸው አገኘሁ። ማርከሩ ምንም አልሆነም። ጄሉ ግን ሰማያዊ ውሃ ሆኖ ወርዷል። እሷ ገና ከኮሌጅ አልመጣችም። አንድ በአንድ በፎጣ አደረቅኳቸው። አብዛኞቹ ይነበባሉ። አራቱ ግን ተበላሽተዋል። በአንዱ ላይ «መጣ» የሚለው ብቻ ቀርቷል፣ በሌላው «ጠባ»፣ በሌላው «ፈራ»፣ በአራተኛው «መልሳ»። የእኛ ቋንቋ ማን እንዳደረገው የሚናገረው በቃሉ ጫፍና ጫፍ ነው፤ ውሃው የወሰደውም ጫፍና ጫፉን ነበር።

ልነግራት እችል ነበር። ግን ገና ሳይነጋ ተነሥታ ስታጠና፣ ስታስመልስ አይቻታለሁ። ይህን ብትሰማ ትሞታለች አልኩ። ገልብጬ ፊታቸውን አየሁ። አራቱም መጨረሻቸው «ማይ» ነው። ሕጉን አውቀዋለሁ። የእሷን እስክርቢቶ አነሣሁና የእሷን ጽሕፈት እያስመሰልኩ፣ የቀሩትንም ፊደሎች እያስተካከልኩ ሞላሁት። ኤርኾማይ፣ «ያመጡኛል»። ሉኦማይ፣ «ያጥቡኛል»። ፎቡማይ፣ «ያስፈሩኛል»። አፖክሪኖማይ፣ «ይመልሱልኛል»። ስጨርስ የሆነ ነገር ያዳንኩ መሰለኝ።

የዚያን ዕለት ስጠይቃት ኤርኾማይ ደረሰ።

«እመጣለሁ» አለች ወዲያው።

ገለበጥኩ። «አይደለም። ያመጡኛል ነው የሚለው።»

«ያመጡኛል?»

«እዚህ ተጽፏል እኮ፣ ልጄ።»

ግንባሯን በእጇ መታ መታ አደረገች። «በቃ፣ ካርዱን ከመምህሩ ሰሌዳ ነው የገለበጥኩት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። በቀኝ አድርጊው።»

በቀኝ አደረግኩት። ሐሙስ ላይ አራቱንም ካርዱ እንደሚለው ትመልስ ጀመር። ዓርብ ያለማመንታት። እኔም ከግራው ክምር ላይ እየጨመርኩ «ጎበዝ» እላት ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለፈተናው የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ እየተኮስኩላት ነበር። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ለራሷ ታወራለች።

«ነገ የሚይዘኝ በእነዚያ ነው» አለች።

«በየትኞቹ?»

«ማይ እያላቸው ሌላ ሰው የማያደርጋቸው። የተደረገባቸው ይመስላሉ፤ ግን ሰውዬው ራሱ ነው የሚያደርገው፣ ወይ በራሱ ላይ ወይ ለራሱ። ገላውን የሚታጠብ ሰው አለ አይደል? አጣቢውም እሱ፣ ታጣቢውም እሱ። ግሪኮች ለዚያ የተለየ መልክ የላቸውም፤ ቢያንስ ለአሁን ጊዜ፣ ያንኑ ማይ ነው የሚጠቀሙት። መምህሩ መካከለኛ ይለዋል።»

«ምሳሌ ሰጥቷችኋል?»

«ሰጥቶናል። ግን ካርዶቼ ውስጥ አንድም የለም። ሳልጽፋቸው ቀርቼ ነው መሰለኝ። በቃ፣ እዚያው አስባለሁ።»

የልብስ ካውያው እጄ ላይ ቆመ። የጨርቁ ሽታ ነው ያነቃኝ። ቀሚሱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቢጫ ሆኗል። «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለች። «ካውያው ነው፣ በጣም ሞቀ» አልኳት።

አልነገርኳትም። ጠዋት እነግራታለሁ አልኩ። ጠዋት ደግሞ ቁርስ ትብላ አልኩ። አንድ ቁራሽ ዳቦ ይዛ ሳትበላው ወጣን። ሥራ አስፈቅጄ ነበር።

ባምቢስ ላይ ሚኒባስ ያዝን። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ወደ በሩ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ረዳቱ ሁለት ሰው መጨመር ፈለገ።

«እናቴ፣ ጠጋ በይ እንጂ። ፍርሃትሽንም በሂሳብ ልጫነው እንዴ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ልጄም ፈገግ አለች፤ ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር። በዚያ ፊት ላይ ደግሞ እንዴት ልንገራት። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው። ቀረብ ብዬ ሰማኋት፤ «ፎቡማይ፣ ያስፈሩኛል» ትላለች።

ኮሌጁ ስንደርስ ኮሪደሩ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። የመምህሩ በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ የሌላ ተማሪ ድምፅ ይሰማል። ከእሱ ቀጥሎ እሷ ናት።

«ካርዶቹን ዝናብ መታብኝ» አልኳት።

«የትኞቹን ካርዶች?»

«ያንቺን። ማክሰኞ። አራቱ ጠፉብኝ፤ እኔ ነኝ የጻፍኳቸው። ማይ ስላላቸው ሌላ ሰው ነው የሚያደርገው ብዬ።»

አላየችኝም። ግድግዳውን ነው ያየችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ትጩህብኝ አልኩ በልቤ። እጇ ግን ሆዷን ያዘ፣ ያን ጊዜ ከጩኸት የባሰ ፈራሁ።

«የትኞቹን?» አለች ቀስ ብላ።

አራቱንም በቃሌ ነገርኳት። አንዱንም አልረሳሁም።

«ኤርኾማይን አውቀው ነበር» አለች። «አውቀው ነበር እኮ፣ እማ። አይደለም አልሽኝ።»

ከግድግዳው ወደ እኔ ዞረች።

«በይ ጠይቂኝ።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? ቶሎ በይ።»

ያለ ካርድ፣ ባዶ እጄን ይዤ ጠየቅኳት። ሦስቱን መለሰች። ፎቡማይ ላይ ምላሷ እንደለመደው «ያስፈ» ብሎ ይሄድባታል። ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሩ ተከፈተ። ያ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፣ እሷ ገባች። መምህሩ አዛውንት ናቸው፤ ይሞቃል ብለው መሰለኝ በሩን ገርበብ አድርገው ተዉት።

መጀመሪያ ብዙ ሌላ ነገር ጠየቋት፤ አልገባኝም። ከዚያ የማውቀው ቃል መጣ።

«ኤርኾማይ።»

«እመጣለሁ።»

«ያለ ማይ ምን ይባላል?»

«ኤርኾ የሚባል የለም። ሁልጊዜም በዚህ መልክ ነው።»

«ሉኦማይ።»

«ገላዬን እታጠባለሁ።»

«ሌላ ሰው ቢያጥብሽስ?»

«ያው ሉኦማይ ነው። አጣቢው ከተጠቀሰ ያጥቡኛል ይሆናል። ለአሁን ጊዜ መልኩ አንድ ስለሆነ ከዐረፍተ ነገሩ ነው የሚለየው። ላለፈው ጊዜ ግን የሁለቱ መልክ ይለያያል።»

ከእኔ ስህተት አንዱ ግማሽ እውነት ኖሯል። ለመደሰት ግን ጊዜ አልነበረኝም።

«ፎቡማይ» አሉ።

«ያስፈ...»

ተወችው። የአግዳሚውን ጠርዝ ይዤ ነበር። ግቢው ውስጥ ሰው ቅጠል ይጠርጋል፤ የመጥረጊያው ድምፅ ሲሄድ ሲመጣ ቆጠርኩ፤ ከአሥር በላይ።

«እፈራለሁ» አለች ልጄ።

«ማነው ያስፈራሽ?»

«ማንም። ማይ ቢኖረውም ሌላ ሰው የለበትም። የምፈራው እኔ ነኝ።»

ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማኝ። እስክርቢቶ ሲጽፍ ተሰማኝ። ከዚያ «አልፈሻል፤ ትንሽ ቢጎድልሽ ኖሮ ግን ወድቀሽ ነበር» አሉ። ሲወጡ እኔን አዩኝ።

«እናቷ ነዎት?»

ተነሣሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዝናቡን፣ ጄሉን፣ አራቱን ካርዶች። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ይህን ስህተት ያልሠራ ተማሪ አላጋጠመኝም፤ ሁሉም መጨረሻውን አይቶ ነው የሚፈርደው» አሉ። «እርስዎ ግን በልጅዎ ጽሕፈት አጸኑት።»

ልጄ ሳቀች። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆነ። ኮሌጅ አለች፣ ግሪኩም ቀጥሏል። አዲስ ካርዶች ሠራች፤ በማርከር፣ ፊትም ጀርባም፤ የሚይዛቸው ቦርሳዋ ነው። ከፊታቸው ሥር አነባበቡን በእኛ ፊደል መጻፍ ትታለች። የምታጠናው ከመጋረጃው ጀርባ ብቻዋን ነው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማታለሁ፤ የማውቀው ቃል ሲመጣ በውስጤ እመልሳለሁ፣ ድምፅ አላወጣም።

ባለፈው ሳምንት ስጠርግ ከአልጋው ሥር አንድ የድሮ ካርድ አገኘሁ። ፎቡማይ ነው። ጀርባው ላይ «ያስፈሩኛል» የሚለው የእኔ ጽሕፈት በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል፤ ከሥሩ «እፈራለሁ» ብላ ራሷ ጽፋለች። ልጥለው አልኩና ተውኩት። መስኮቱ መዘጋቱን አይቼ ቦርሳዋ ላይ አስቀመጥኩላት።