«እኔን» የሚባልበት ጊዜ

ታጁዲን ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጎሬ ላይ ቡና የሚገዛ አንድ ግሪክ ዘንድ ጸሐፊ በነበረ ጊዜ፣ እሱ የተቀመጠበት ደጅ ሰው አይጠፋበትም። ሚስቱ ጠይባ ስትሞት እንኳ፣ ሊያስተዛዝነው የመጣውን ሰው መልሶ በጨዋታ ያጽናና የነበረ ራሱ ነው ይባላል። ጣሊያን ሲገባ ግሪኩ ወደ ጋምቤላ ሸሸና እንጀራውም አብሮ ሄደ። ከግሪኩ የለቀመው ጣሊያንኛ ነበረውና ጣሊያኖች ካርታ ከሚያነሱበት ቢሮ አስተርጓሚ ሆኖ ተቀጠረ። ተቀጠረና ጉዱ ፈላ።

ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡት ምናለበት፣ የሰደበ ሰው ቢያንስ አናግሮታል። የጎሬ ሰው ግን ዝም አለው። «አሰላሙ አለይኩም» ሲል ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ከሁሉ የከፋበት የጎረቤቱ የእትዬ ሽብሬ ነገር ነው። ጠይባ ከሞተች ጀምሮ ቆሎና ዳቦ በአጥር በኩል የሚያቀብሉት፣ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያሉ የሚቆጡት እሳቸው ነበሩ። ልጃቸው በዳሳ ዱር ገብቶ ከአርበኛ ጋር ነው። የታጁዲንን አዲስ ሥራ የሰሙ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ እሾህ ከተቱበት።

ካርታ ቤት ውስጥ ብሩኖ የሚባል ሰዓሊ ወታደር ነበር። አገሩ ሳለ ለሲኒማ የሚንቀሳቀስ ስዕል የሚሠሩ ሰዎች ጋር ሠርቷል። አለቆቹ ሕዝቡ ለሲኒማ እንዲሰበሰብ ፈልገው፣ ከዋናው ፊልም በፊት የሚታይ አጭር አስቂኝ ስዕል እንዲሠራ አዘዙት። ብሩኖ መሳል ይችላል፤ ጎሬን የሚያስቀው ምን እንደሆነ ግን ከየት ይወቀው።

«አንተ ቀልዱን ጻፍ፣ እኔ እስላለሁ» አለው ታጁዲንን።

ታጁዲን የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ደስ አለው። ጎሬ አንድ ጊዜ ከሳቀለት፣ የሳቀ ሰው መልሶ ሊያኮርፈው ያፍራል፤ እትዬ ሽብሬም እሾሁን ያነሱታል ብሎ አሰበ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ቀልዱ ይኼ ነው። አንድ ወፍራም ሆዳም ሰው ከዛፍ ላይ ቀፎ ሊያወርድ ይመጣል። ከሲታ አህያ ይዟል። አህያዋን ቀድሞ አውርዶ ከታች ካስቀመጠው ማር ትንሽ ሊያቀምሳት ይችል ነበር፤ እሱ ግን ሁለቴ ስትከጅል ሁለቴ አፍንጫዋን ይመታታል። ከዚያ ገመድ በቅርንጫፍ ላይ ይወረውርና አንዱን ጫፍ በወገቡ፣ ሌላውን በአህያዋ ሆድ ያስራል፣ እንዳልወድቅ ትይዘኛለች ብሎ። ይወጣል። እጁ ቀፎው ጋ ሊደርስ ሲል ይወድቃል። እሱ ሲወርድ ክብደቱ አህያዋን ይጎትታታል፤ እኛ ግን የምናየው መሬት ላይ የተዘረረውን ሰው ብቻ ነው። ቀና ሲል አህያዋ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አፏን ቀፎው ውስጥ ከታለች።

ብሩኖ ሳቀ። ስስ የካርታ ወረቀት እየቆረጠ፣ ስዕሎቹ እንዳይንሸራተቱ እንጨት ላይ በተተከሉ ሁለት ችንካሮች እያሰረ መሳል ጀመረ። ማሽኑ በሰከንድ አሥራ ስድስት ፎቶ ነው የሚያሳየው፤ አንዱ ስዕል ሁለት ሁለቴ ፎቶ ስለሚነሳ፣ አንድ ሰከንድ ለማንቀሳቀስ ስምንት ስዕል ይበቃል። ስምንት ለአንድ ሰከንድ! ሰውየው አንዴ እስኪያስነጥስ የሰዓሊ እጅ ይዝላል።

ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ግን ታጁዲን የመውደቂያውን ስዕሎች ጥራዝ ይዞ ሁሩሙ ገበያ ወረደ። ጎሬ ላይ ማን ያይለታል? ሁሩሙ ግን አያውቁትም። ማር ሻጮቹ መሃል ቆሞ ጥራዙን በአውራ ጣቱ ፈርር አድርጎ ለቀቀው፤ ስዕሎቹ ሲገላበጡ ሰውየው ወጣ፣ ወደቀ፣ አህያዋ ታየች። የሳቀ የለም።

ሰዉ ሁሉ ያለው አንድ ቃል ነው፦ «እኔን!»

አንዷ ማር ሻጭ ደረቷን ይዛ «እኔን ይድፋኝ፣ ወገቡን አገኘው እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። አህያዋን ጨርሶ አላየቻትም። እሷ ዓይኗ ሰውየው ወገብ ላይ ነው።

ታጁዲን ደንግጦ ቆመ፣ ከዚያ ገባው። በዚህ አገር ሰው ሲወድቅ «እኔን» ሳይሉ መሳቅ ነውር ነው፤ ጠላትም ቢሆን ይባልለታል። ብሩኖ አህያዋን ያመጣት ቃሉ ከሰው አፍ ሳይወጣ ነው። በአዘነ አፍ እንዴት ይሳቃል?

ሲመለስ ለብሩኖ ነገረው። «ሲኞር፣ ከወደቀ በኋላ ይቆይ። ዝም ብሎ ሁለት ሰከንድ ይቆይ።»

«ሁለት ሰከንድ? ቀልዱ ይሞታል። ፍጥነት ነው የሚያስቀው።»

«የእናንተን ሰው። የኛ ሰው መጀመሪያ ያዝንለታል። ይዘንለት። ከዚያ ይነሳ፣ ወገቡን፣ ጉልበቱን ይዳስስ፣ ደህና መሆኑን ይዩለት። ልባቸው ሲመለስ ነው አህያዋን የሚያሳዩአቸው።»

ብሩኖ ተከራከረ፤ በኋላ ግን እሺ አለ። አስቸጋሪ ነገር አልነበረም፤ የወደቀውን ሰው አንዱን ስዕል ደጋግሞ ማንሳት ብቻ ነው። ፊልሙ አዲስ አበባ ሄዶ ታጥቦ እስኪመለስ ክረምቱ አለፈ። ታጁዲን ያን ክረምት ከግድግዳ በቀር ያናገረው የለም ብል ማጋነን አይሆንም። በመጨረሻ ብሩኖን አንድ ነገር ለመነው፦ «ሲያልቅ፣ ቀልዱን የጻፈው ታጁዲን ነው ብለው ለሰዉ ይንገሩልኝ።» ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቡና መጋዘኑ መስኮቶች በጆንያ ተሸፈኑ። ያልመጣ ይጠየቃል ስለተባለ የጎሬ ሰው መጋዘኑን ሞላው። እትዬ ሽብሬም ነጠላቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀምጠዋል። ታጁዲን ከኋላ ነው፤ ግራና ቀኙ ባዶ ነው።

ሆዳሙ መጣ። አህያዋ ተመታች፤ አንዳንዱ ፈገግ አለ። ሰውየው ወጣ። ወደቀ።

«እኔን!» አለ መጋዘኑ በሙሉ።

ሰውየው ተዘርሮ ቆየ። ታጁዲን ሁለቱን ሰከንድ በልቡ ቆጠረ። ሰውየው ተነስቶ ወገቡን ዳሰሰ፣ ጉልበቱን ዳሰሰ፣ ደህና ነው፤ ሰዉ «እፎይ» አለ። ሰውየው ቀና አለ። አህያዋ ታየች፣ እስከ ጆሮዋ ማር ተለቅልቃ።

ሳቁ እንደ ዶፍ ወረደ። ሽማግሌዎች እየተደጋገፉ፣ እትዬ ሽብሬ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። በዳሳ ከሄደ ወዲህ ሲስቁ ያያቸው የለም። ታጁዲን ዓይኑ እንባ ሞላ። ሳቁ የሱ ነበረ።

የአህያዋ ፊልም ሲያልቅ ጆንያዎቹ ለአፍታ ተነሱ። ብሩኖ ቃሉን ጠበቀ፤ ተነስቶ ጣቱን ወደ ኋላ ዘረጋ፦ «ታጁዲን! የጻፈው ታጁዲን!»

ሰዉ ዞሮ አየው። ሳቁ ከሰዉ ፊት ላይ ሲጠፋ ታጁዲን አንድ በአንድ አየ። ጆንያዎቹ መልሰው ተሰቀሉ፤ ዋናውን ፊልም፣ የወታደር ሰልፉን፣ አንገታቸውን ደፍተው አስጨርሰው ወጡ።

እትዬ ሽብሬ በአጠገቡ ሲያልፉ ቆሙ። «እትዬ» አለ ታጁዲን፣ ከመቀመጫው ተነስቶ።

«ሳላውቅ ነው የሳቅሁት» አሉት። በቁጣ አልነበረም፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የተናገሩት፣ ይቅርታው ግን ዱር ላለው ልጃቸው እንጂ ለእሱ አልነበረም። ሄዱ።

ብሩኖ ደስታው ወሰን አጥቶ የአህያዋን ፊልም መልሶ ጠቀለለና ለታጁዲን ብቻ አንድ ጊዜ ላሳየው አለ። ጆንያዎቹ ተመለሱ። ሆዳሙ ወጣ፣ ወደቀ። ከዚያ ታጁዲን ለጎሬ ሰው ብሎ የለመናቸው ሁለት ሰከንዶች መጡ፤ በባዶው መጋዘን ውስጥ ከማሽኑ ድምፅ በቀር የሚሰማ፣ «እኔን» የሚልም አልነበረም።