የአጎቴ ወለድ ከየትኛው ቀን ይቆጠር?

የግብር ወለድ መቁጠር የሚጀምረው የገቢዎች የዕዳ ደብዳቤ እጅህ ከገባ ቀን ነው ይላሉ። ውሸት ነው። በሶዶ ገበያ ይህን ያልነገረኝ ነጋዴ ጥቂት ነው፤ የነገሩኝም ሁሉ ልበ ሙሉ ነበሩ። ወለድ ደብዳቤ አይጠብቅም። የመክፈያው ጊዜ ባለቀ ማግስት ይነሣና ግብሩ እስኪከፈል ድረስ፣ ማንንም ሳይቀሰቅስ ይሄዳል።

ይህን ያወቅሁት በእናቴ ወንድም ሰበብ ነው። አጎቴ ቆርቆሮና ምስማር ነጋዴ ነበር። ለዓመታት ደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ሆኖ ኖሮ፣ ሽያጩ ከፍ ሲል ወደ ደረጃ «ለ» ዞረ። ያኔ በነበረው ሕግ «ሐ» እስከ ሐምሌ ሠላሳ ይከፍላል፤ «ለ» ግን ሒሳቡን አስታውቆ እስከ ጳጉሜ ማብቂያ ጊዜ አለው። አጎቴ በጊዜው አስታወቀ፤ መክፈሉን ግን ተወው። ምክንያቱን ወላይታ ሁሉ ያውቀዋል፦ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲቃረብ ብር በሙሉ ለእርድ በሬ ይሆናል። ከገሱባ መጥተው ቆርቆሮ በዱቤ የወሰዱ ደንበኞቹም ከበዓሉ በፊት አይከፍሉም። ጥቅምት ላይ ግብሩን ከፈለና ተገላገልኩ አለ።

ኅዳር ላይ የወለድና የመቀጫ ደብዳቤ መጣለት። ይህ ካልተዘጋ የግብር ዕዳ የለበትም የሚለው ክሊራንስ አይሰጠውም፤ ያለ ክሊራንስ ንግድ ፈቃዱ አይታደስም፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ ሱቁ ይታሸጋል። እኔን ይዞኝ ሄደ። ብዙ የሚያነብ ሰው ለቤተሰቡ የሚጠቅመው ለዚህ ብቻ ነው፤ ቢሮ ለቢሮ ይጎተታል።

የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ አጎቴ መቀመጥ አልቻለም። ይነሣል፣ በር ያያል፣ ይመለሳል። «ደብዳቤው የደረሰኝ ከትናንት ወዲያ ነው። ስለዚህ ወለዱ የሁለት ቀን ነው» ይላል። «ግብሩን እኮ ደብዳቤው ሳይመጣ ከፍለሃል» አልኩት። «እንግዲያማ ምንም የለብኝም» አለና እንደገና ተነሣ።

የተቀበለችን ባለሙያ እዚያው ወላይታ የቢጠና ከተማ ልጅ ነበረች። ወረቀቱን አየችና «አባባ፣ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ነው የታሰበው» አለችው።

«ለምን ከነሐሴ አንድ?» አልኳት።

«የሁሉም እንደዚያ ነው። ሐምሌ ሠላሳ ያልከፈለ ከነሐሴ አንድ ይታሰብበታል።»

«የማን ሁሉም?»

ፋይሉን አገላበጠች። ጠረጴዛዋ ላይ የተከመሩት የደረጃ «ሐ» ፋይሎች ነበሩ፤ የአጎቴም አምና ከእነሱ ጋር ስለነበር ከዚያ አልወጣም። «አሁን ‹ለ› ናቸው ለካ» አለች።

አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ በወላይትኛ «አሸነፍናት?» አለኝ።

«አንድ ወር ከጳጉሜዋ ጋር አሸንፈናል። መቀጫውም አብሮ ይስተካከላል።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው ያንተ ነው።»

ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። ቀኑ እንዲስተካከል ማመልከቻ ያስፈልጋል አለች። ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፦ ወለዱ ከመስከረም አንድ ጀምሮ እንዲታሰብልኝ። አጎቴ አንብቦ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ከዚህ ቀን ጀምሮ ዕዳ ነበረብኝ ብዬ በእጄ ልፈርም? ያውም በአዲስ ዓመት? አንተ የመጣኸው ለማን ነው?»

«ለሱቅህ።»

«ገበያው ሁሉ ምን ይለኛል? አልዘገየሁም ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ካልፈረምክ ከነሐሴ ጀምሮ የዘገየህ ትሆናለህ።»

ወጣ። ከመስኮቱ ማዶ ከባጃጆቹ መሐል ወዲያ ወዲህ ሲል አየሁት። የምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው፤ ማመልከቻውን የሚመራው የሥራ ሂደቱ ኃላፊ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለበት። ልከተለው ብድግ ስል ተመልሶ ገባ።

ባለሙያዋ ቀና ሳትል በወላይትኛ «አባባ፣ የጊፋታው በሬ ወፍራም ነበር?» አለችው።

«ወፍራም ነበር» አለ፣ ሳይወድ።

«እንግዲያው ምን ያሳፍርዎታል? የበሉትን ነው የሚከፍሉት።»

ሊስቅ ሲል ተወው። ፈረመ። ኃላፊው ከምሳ በፊት መራበት፤ ሒሳቡ እንደ አዲስ ተሠርቶ ነሐሴና ጳጉሜ ወጡለት፤ የቀረውን ከፈለ፤ በሳምንቱ ክሊራንሱን አገኘ። ሱቁ አልታሸገም። ለእኔ ግን ለረጅም ጊዜ ሰላምታው እንኳ በግማሽ አፍ ሆነ፤ ዘግይቷል ብሎ የጻፈበት ቢሮው ሳይሆን እኔ ነበርኩና።

አንተም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሰህ ድምሩን ተወውና መነሻውን ቀን እይ። በየትኛው ደረጃ እንደቆጠሩህ ጠይቅ። ከዘገየህ ደግሞ ዘገየሁ ብለህ ፈርም። እኔን ግን ይዘኸኝ አትሂድ።