ከመስኮቱ አጠገብ የተነሳው ቡና

ባርናባስ ፕሌኖ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሱቅ ቡና ይቆላል፤ ከመቁያው ማሽን በቀር ድምፅ የሚያሰማው የለም። እሁድ ከሰዓት፣ ዴንተን በምትባል ሌላ ከተማ የምትማረው ልጁ ሐዊ በስልክ ፎቶ ላከችለት፦ ሁለት ክምር ቡና፣ ከየክምሩ ጎን የተፈጨው። «አባዬ፣ ለጓደኞቼ የቱን ላፍላ?» ይላል ቴክስቱ።

የግራው ፍሬ ቡናማ፣ ደረቅና እኩል የተቆላ ነው። የቀኙ ጠቁሮ ዘይት አውጥቷል፤ በመሃሉ የገረጡ እንጭጮች ተቀላቅለውበታል፣ ዱቄቱንም ነጣ ነጣ ያለ ነገር አዥጎርጉሮታል። ይህ ምኑ ይጠየቃል?

ሐዊ ስለ ቡና ካልሆነ አትጽፍም። የግራውን ካላት፣ ሌላ ቡና እስክትገዛ ስልኩ ዝም ይላል።

«የፎቶው ብርሃን አሳስቶኛል» ብሎ መለሰላት። «መስኮት አጠገብ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ ድገሚልኝ።»

ፎቶው ግን ድሮ እሱ እንዳስተማራት መስኮት አጠገብ፣ ነጭ ወረቀት ላይ የተነሳ ነበር።