ከመተማ ጎንደር ያለ መኪና

ኅዳር 12 ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የቤቴን መኪና ግቢ ውስጥ ቆልፌ ከአባቴ ጋር መተማ ዮሐንስ መናኸሪያ ደረስኩ። አባቴ በስምንት ሰዓት ጎንደር ዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበራቸው። የዓይናቸው ግፊት በየሁለት ወሩ ይለካል፤ ከተቋረጠ የቀረው ብርሃን ይሄዳል።

መኪናዋን እስካሁን ያቆየኋት ለዚህ ጉዞ ነበር። ለሥራ የመሥሪያ ቤት መኪና አለኝ። በዓመት ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ብነዳት ነው፤ አብዛኛው ጎንደር ደርሶ መልስ ነው። ከቀጠሮው ቀደም ብሎ፣ ከአብደራፊ አንድ ገበሬ ሰሊጡን ሸጦ ሊገዛት ሲጠይቀኝ፣ ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ።

ኢንሹራንስ 27 ሺህ፣ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ 3 ሺህ፣ ሁለት ጊዜ ዘይትና ፊልትሮ 12 ሺህ፣ የጎማና የባትሪ የዓመት ድርሻ 24 ሺህ፣ ጋራዥ 20 ሺህ፣ ለጥበቃ 12 ሺህ፣ ቤንዚን 39 ሺህ። ድምር 137 ሺህ ብር። ብር ሲረክስ የመኪናዋ ዋጋ በብር ስለማይወርድ የእርጅና ኪሳራ አልጨመርኩም። ቤንዚኑን ብቻ የሚቆጥር ሰው መኪና ርካሽ ይመስለዋል። እኔም ለስድስት ዓመት ያታለልኩት ራሴን ነው።

በሌላው ገጽ ደግሞ፦ በከተማው ለባጃጅ በሳምንት አራት ጉዞ፣ እያንዳንዱ በመቶ ብር፣ በዓመት 20,800። ለጎንደር ሚኒባስ ስድስት ደርሶ መልስ 9,600። ጎንደር ውስጥ በስልክ ለሚጠራ ታክሲ 6 ሺህ። 36,400 ብር! ደብተሩን ለባለቤቴ አሻግሬ እየሳቅሁ ቆምኩ።

እሷ ግን ደብተሩ ላይ የሚኒባሱን መስመር በጣቷ ጠቆመች። «ስምንት መቶ በአሥራ ሁለት። አባትህ ጭንህ ላይ ነው የሚቀመጡት?»

መኪና ያለው ሰው የሚሠራው ስህተት ነው፤ እኔ ስነዳ ሁሌም ጎኔ ያለው ሰው ያለ ክፍያ ይሄድ ነበር። ሁለት ወንበር ሲሆን ድምሩ 46 ሺህ ሆነ። «ሚኒባስ ቢቀርስ?» ብላ በዓመት ሁለት የኮንትራት መኪና፣ 24 ሺህ ጨመረች። 70 ሺህ። አሁንም 67 ሺህ ብር ይተርፋል።

የቀረው የአባቴ ፈቃድ ነበር። «በሰው መኪና ተጠጋግቼ? ከዚያስ ጎንደር ላይ ማን ይዞን ይዞራል?» አሉ። «በራሳችን መኪና ካልሆነ እኔ አልሄድም።» ስለዚህ መኪናዋን ሳልሸጥ አንድ ቀጠሮ እንሞክር ተባባልን።

በቀጠሮው ቀን መናኸሪያው ላይ የጋቢናውን ሁለት ወንበር ለሁለታችን ገዛሁ። ሚኒባሱ ሞልቶ የወጣው ግን ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። በየፍተሻው ሰዓቴን አያለሁ፤ አባቴም እኔን። ጎንደር መናኸሪያ ስንወርድ ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር።

ስልኬ ላይ የምንሄድበትን ጻፍኩ። ዋጋው 240 ብር፣ መኪናው በስድስት ደቂቃ እንደሚደርስ፣ ከነሰሌዳ ቁጥሩ መጣልኝ።

«ዋጋ ሳትከራከር?» አሉ አባቴ።

«ቀድሞ ተነግሮኛል፣ አባባ።»

«እንዴ! ሳይከራከሩ ታክሲ? እሱ ነው ሌባ የሚመስለኝ።»

ሾፌሩ ደወለ። «የት ጋር ናችሁ?»

«ከበሩ ውጪ፣ የቆሙት ሽማግሌ ጋር።»

«ጋሼ፣ እዚህ ሽማግሌው ብዙ ነው!»

አባቴ ሳቁ። «ቁጥሩን ንገረኝ» አሉኝ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ሰባት፣ አራት አልኩ። አንድ ነጭ መኪና ሲጠጋ ከዘራቸውን አንሥተው፣ አንገታቸውን አስግገው ሰሌዳዋን አተኩረው አዩ። «ሰባት... አራት። ይቺ ናት!» ብለው ጮኹ። እኔ ገና አላየኋትም ነበር።

ሐኪም ቤት በር ላይ የደረስነው ሰባት ሰዓት ከአርባ ስምንት ነው። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ እጃቸውን ይዞ አወረዳቸው። አባቴ ወደ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ዞር አሉ።

«ስንመለስም ይሄን ልጅ ጥራው» አሉ።

«የሚመጣው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ አባባ።»

«ሌላም ይሁን። አንተ መኪና ስታቆም ግማሽ ሰዓት በሩ ላይ ብቻዬን ትተወኝ ነበር። ሽጣት።»

የቀኝ ዓይናቸው ግፊት 16 ሆኖ ተለካ፤ ባለፈው ቀጠሮም 16 ነበር፣ አልጨመረም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ከአብደራፊ የመጣው ገዢ ቁልፉን ተቀበለ። ቆጣሪዋ ላይ 214,386 ኪሎ ሜትር ይነበብ ነበር።